ምጣዱ ማታ ለምን ዓይን አያወጣም? በማታ ሠልጣኞች ምረቃ ላይ የተደረገ ንግግር

(በአዲስ አበባ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ፣ በሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ ደረጃ 2 የሠለጠኑ የማታ ተማሪዎች ሲመረቁ አሠልጣኞችን ወክዬ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

ክቡራን እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የተመራቂ ቤተሰቦች፣ ከሁሉም በላይ ውድ ተመራቂዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። እዚያ በር ላይ የሚሯሯጡትን ልጆች አትቆጧቸው፤ ይሩጡ። እነዚህ ልጆች እንግዶች አይደሉም። ይህንን ግቢ ከብዙዎቻችን የበለጠ ያውቁታል። እናቶቻቸው ሽቦ ሲዘረጉ እነሱ በወርክሾፑ ጥግ፣ ባዶ የሽቦ ጥቅልል ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ ነበር። አንደኛዋማ ፌዝና ኒውትራል የሚባሉትን ሽቦዎች ለይታ ታውቃለች። የት እንዳለች ግን አልናገርም፤ ታፍራለች።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። የመጀመሪያው እንዴት እንደተማራችሁ ነው። ሁለተኛው ስለ ምጣድ ነው፤ አዎ፣ ስለ እንጀራ ምጣድ። ሦስተኛው ይህ የምስክር ወረቀት ምን እንደሚፈቅድላችሁና ምን እንደማይፈቅድላችሁ ነው። ሦስቱን እኩል አላወራም። ምጣዱ ላይ እቆያለሁ፤ ምክንያቱን ስደርስበት ታያላችሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ። እንዴት ተማራችሁ?

እንግዶቻችን እንዲያውቁት፣ የማታው ትምህርት የሚጀምረው በ11:30 ነው፤ የሚያበቃው ምሽት 2:30 ላይ ነው። በወረቀት ላይ ሦስት ሰዓት ነው። ግን ማን ነው በ11:30 እዚህ የሚደርሰው? ከሕንፃ ሥራ የሚወጣው ሰው ገና ሲሚንቶውን ከእጁ እያጠበ ነው። በጥበቃ ሥራ ያለው ተረኛውን እየጠበቀ ነው። ሰው ቤት የምትሠራው እራት አቅርባ ነው የምትወጣው። ከዚያ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለክለሳ አደረግነው፤ የአደጋ ጥንቃቄን የሚመለከት ማንኛውም ትምህርት ከ12:00 በፊት እንዳይጀመር ወሰንን። የዘገየ ሰው ስሌት ቢያመልጠው ከጓደኛው ይገለብጣል። መስመር ከመንካቱ በፊት ኃይሉ መቋረጡን እንዴት እንደሚያረጋግጥ ካመለጠው ግን ከማን ይገለብጣል?

አሁን ደግሞ ከምሽቱ ትምህርት የበለጠ ያስቸገረንን ልንገራችሁ። በአገራችን የሙያ ሥልጠና አሠራር፣ በመርህ ደረጃ፣ ከሥልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ በተግባር፣ 30 በመቶው በማሠልጠኛው ውስጥ እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ቀን ለሚማር ወጣት ይህ መልካም ነው፤ ወደ ድርጅት ይላካል፣ ይሠራል፣ ይመለሳል። ቀን ለሚሠራና ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰውስ? ጥበቃውን ትቶ የት ሊሄድ ነው? ደመወዙንስ ማን ይሰጠዋል? በኤሌክትሪክ ሥራ ረዳት ሆናችሁ የምትሠሩት እድለኞች ነበራችሁ፤ የሥራ ቦታችሁ የልምምድ ቦታችሁ ሆነ። ሌሎቻችሁ ቅዳሜንና እሑድን ሰጣችሁ። የዓመት ፈቃዳችሁን ጣሪያ ሥር ቱቦ እየቀበራችሁ የጨረሳችሁ አላችሁ። ሰርግና ለቅሶ የቀረባችሁ፣ በእድርም የተቀጣችሁ አላችሁ። ቀጪዎቹም ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ አያለሁ!

ለልምምዱ የሥራ መዝገብ አለ። የሠራችሁትን በቀኑ ትጽፋላችሁ፣ ያሠራችሁ ሰው ይፈርማል። ይህንን መዝገብ ብዙ ዓመት አይቻለሁ። በመጨረሻው ሳምንት በአንድ ቁጭታ የተሞላ መዝገብ ከሩቁ ይታወቃል። ቀለሙ አንድ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ አይዝልም፣ ገጹ አልቆሸሸም፣ ፊርማዎቹም እንደ ማኅተም ይመሳሰላሉ። የእናንተ መዝገብ እንዲህ አልነበረም። አንዱ ገጽ በእርሳስ፣ አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንዱ ላይ የጀሶ አሻራ፣ አንዱ ላይ ደግሞ ልጅ የሳለው ፀሐይ። እኔ በመዝገብ ላይ ፀሐይ ሳይ አልቆጣም። ያ መዝገብ በእውነት ወደ ቤትና ወደ ሥራ ሲመላለስ እንደነበር ምስክር ነው።

ወደ ሁለተኛው ከማለፌ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። እኔም ሙያውን የጀመርሁት በረዳትነት ነው፤ መሰላል በመሸከምና በመዶሻና በመሮ ግድግዳ በመፈልፈል። ዋናው ባለሙያ እጀ ብርቱ ሰው ነበሩ። ግን ሳጥኑን ሲከፍቱ ጀርባቸውን ይሰጡን ነበር። “ይህኛው ሽቦ ለምን ወፈረ?” ብዬ ስጠይቃቸው “እንዲህ ነው የሚደረገው” ይሉኛል። ክፋት አልነበረም፤ ለእሳቸውም የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ከዚያው ቤት ነው። እጃችሁ ሥራ ያውቃል። ማንም “ለምን” ብሎ አላስረዳችሁም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በ“ለምን” ወጥራችሁ ያዛችሁን። ቀን የሚማሩት ልጆች “ፈተና ላይ ይመጣል?” ብለው ይጠይቃሉ። እናንተ የጠየቃችሁት ሌላ ነው።

እንግዲህ ምጣዱ ጋ ደረስን።

ከተመራቂዎቻችን አንዷ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው። ቀን ይጋግራሉ፣ ያደርሳሉ፣ ማታ ይማራሉ። የኃይልን ቀመር በማስተምርበት ምሽት እጃቸውን አነሱ። “መምህር፣ ምጣዴ ጠዋት ዓይን ያወጣል፤ ማታ ግን አያወጣም። ለምንድን ነው?” ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው ካዘጋጀሁት ሁሉ ይሻል ነበርና። እሳቸው ለዓመታት ጥፋቱን በሊጡ ላይ ሲያሳብቡ ኖረዋል። እርሾ ቀይረዋል። አብሲት ጨምረዋል፣ ቀንሰዋል። የጤፉን ነጋዴ ተጣልተዋል። ሊጡ ግን ያው የጠዋቱ ሊጥ ነው!

ተያይዘን ወደ ስሌቱ ገባን። እዚህ ላይ አንድ ሌላ ተመራቂያችንን ማንሳት አለብኝ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ በሕንፃ ሥራ የኖሩ አባት ናቸው። ቀጭን ሽቦ እንደሚግል በእጃቸው ያውቃሉ። ቀመር መገልበጥ ግን አልሆነላቸውም። ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። እሺ፤ አምፔሩን ለማግኘት ምን በምን ይካፈላል? እዚህ ላይ ተሰናከሉ። ቤታቸው ሄደው ለ8ኛ ክፍል ልጃቸው ነገሯት። ልጅቱ ምን አለቻቸው? “አባዬ፣ ቮልቱ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ነው በል፣ አምፔሩ ኪሎው ነው፣ ዋቱ ጠቅላላ ሒሳቡ ነው። 3,800 ብር ይዘህ ገበያ ብትሄድ፣ ኪሎው 220 ብር ቢሆን፣ ስንት ኪሎ ትገዛለህ?” 17 ኪሎ ከምናምን! በማግስቱ መጥተው ለክፍሉ አስረዱት። ከዚያ ወዲህ እኔም የማስተምረው በዚያች ልጅ መንገድ ነው። እዚህ አለች፤ አጨብጭቡላት።

ቁጥሩም ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ብዙ የቤት ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,800 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ከ17 አምፔር በላይ ይስባል ማለት ነው። አሁን መንገዱ፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣው መስመር፣ ቮልት ሲያጣ ምን ይሆናል? ማታ ሁሉም ቤት ይጋግራል፣ ያበስላል፣ ያሞቃል፤ በአንዳንድ ሰፈር ቮልቱ ወደ 180 ይወርዳል። ልብ በሉ፣ የምጣዱ ሽቦ ያው ሽቦ ነው፤ ቮልቱ ሲቀንስ የሚስበው አምፔርም አብሮ ይቀንሳል፣ ወደ 14 ይወርዳል። ሁለቱም ስለቀነሱ ሙቀቱ በሁለት በኩል ይጎዳል። 180 በ14 ሲባዛ 2,500 ዋት ገደማ ነው። ከጠዋቱ ሦስት እጅ ሁለት እጁ ብቻ ማለት ነው። እንግዲህ እንጀራው ዓይን የሚያወጣው ሊጡ እንደፈሰሰ ውሃው በኃይል ወደ እንፋሎት ተለውጦ ወደ ላይ ሲፈነዳ ነው። ሙቀቱ ሲጎድል እንፋሎቱ ይለግማል፤ እንጀራው ይጠፈጠፋል። ጤፍ ነጋዴው ምን አደረገ?

እናቲቱ ግን በዚህ አልረኩም። “ጥፋቱ የመንገዱ ነው ወይስ የቤቴ?” አሉ። ይህንን ጥያቄ ብዙ የተመረቀ ባለሙያ አይጠይቅም። መለየቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ምጣዱ እየሠራ ሳለ ሁለት ቦታ ትለካላችሁ፦ አንድ ጊዜ ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለው ዋና ብሬከር ላይ፣ ሌላ ጊዜ ምጣዱ በተሰካበት ቦታ። ቆጣሪው ራሱ አይነካም፤ የታሸገ ነው፣ የእናንተም አይደለም። ዋናው ብሬከር ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ካነበባችሁ ችግሩ ከውጭ ነው፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ታመለክታላችሁ። ዋናው ላይ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ላይ ከወረደ ግን ቮልቱን የበላው የቤቱ መስመር ነው።

ከክፍሉ አንድ ቡድን ከአሠልጣኝ ጋር ወደ እናቲቱ ቤት ሄዶ ለካ። ዋናው ብሬከር ላይ 186፣ ሶኬቱ ላይ 180። እንግዲህ ሁለቱም ጥፋት አለባቸው! መንገዱ የራሱን ወስዷል፤ ቤቱ ደግሞ 6 ቮልት ጨምሮበታል። “6 ቮልት ምን አላት?” ያላችሁ ነበራችሁ። በ14 አምፔር አባዟት፤ 84 ዋት ናት። ያ 84 ዋት የት ሄደ? አልጠፋም። በመስመሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ተበትኗል። የት የት እንደሆነ ለማየት ኃይሉን አቋርጠው ኮርኒሱን ከፈቱ። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመብራት ሽቦ አገኙ፤ መሐል ላይ ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩ ቡናማ ሆኗል፣ የሽቦው ልባስ ደርቆ ሲነኩት ይሰነጠቃል። ኮርኒሱ ደግሞ ጨርቅ ነው። ከዚያ ሥር የሚተኙት ልጆች ዛሬ በር ላይ ሲሯሯጡ ያያችኋቸው ናቸው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ብሬከሩስ? ለምን አልወረደም? ይህ ጥያቄ ነው ከሁሉ በላይ እጃችሁ የለመደውን የቀየረው፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ልናገር፣ እንግዶችም ታገሡኝ።

16 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ብሬከር 17 ሲያልፍበት ወዲያው አይወርድም። ከመጠኑ 13 በመቶ ያህል እስኪያልፍ ድረስ፣ ማለትም እስከ 18 አምፔር ገደማ፣ ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው። የአንድ ምጣድ 17 አምፔር እዚያች ክፍተት ውስጥ ይገባል። ብሬከሩ ደግሞ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ የላላ ማሰሪያን አያይም። ሶኬት ውስጥ አንድ ቡሎን ቢላላና እዚያ ነጥብ ላይ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢፈጠር፣ 17 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 30 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይወጣል። 30 ዋት ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበት መሣሪያ ነው። እሱን ሶኬት ውስጥ አስገብታችሁ እንጀራ ተጋግሮ እስኪያልቅ ትታችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው። የምጣድ መሰኪያ እግሩ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ያላየ ቤት አለ? አንድ እጅ ይነሳ! የለም። አያችሁ?

ከዚያ ሰውዬው ይጠራል። “ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረ” ይባላል፤ ሙቀት ሲጠራቀም አንዳንዴ ይወርዳልና። ባለሙያ ነኝ ያለው ምን ያደርጋል? 16ቱን አውጥቶ 32 ያስገባል። ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ብሬከሩ ከዚያ ወዲህ አይወርድም፤ ደንበኛውም ይመርቀዋል። አሁን ግን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው የለም። እናንተም እዚህ ስትመጡ፣ ከእጃችሁ ጋር ይህንን ልማድ ይዛችሁ የመጣችሁ ብዙ ነበራችሁ። ወጣት ተማሪ አዲስ ነው፣ የሚጥለው ልማድ የለውም። ለዓመታት የሠራ ሰው ግን ትናንት ያስገባውን 32 ነገ ሄዶ ሊያወጣው ነው። ከእናንተ መሐል ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ደንበኞቻችሁን ቤት እያንኳኳችሁ፣ በራሳችሁ ወጪ ብሬከር የለወጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደንበኛው “ሥራው አልሠራም እንዴ?” ሲል ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁም ነግራችሁኛል። ያንን ማንም ፈተና አይጠይቅም።

ትክክለኛውስ ምን ነበር? ለእናቲቱ ቤት የሠራችሁትን ላስታውሳችሁ። ምጣዱ የራሱ መስመር ተሰጠው፤ ከሳጥኑ ተነስቶ ሌላ ነገር ሳይነካ ወደ ወጥ ቤት የሚሄድ። ሽቦው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብሬከሩ 25 አምፔር። ከሳጥኑ እስከ ምጣዱ ያለው ርቀት ረጅም ቢሆን ኖሮ ሽቦውን 6 እናደርገው ነበር። ሶኬትና መሰኪያ ቀረ፤ በምትኩ ምጣዱ አቅሙ በሚበቃ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል በቡሎን ታስሮ ተገናኘ። የምድር ሽቦም ተዘረጋለት።

ስለ ምድር ሽቦው ጥቂት ልቆይ። “ምጣዱ ይነዝራል” የማትል እናት ታውቃላችሁ? መፍትሔውስ ምንድን ነው ይባላል? “ጫማ አድርጊ”፣ “እንጨት ላይ ቁሚ”። ምጣዱ ሸክላ ነው፤ ከሥሩ ያለው የማሞቂያ ሽቦ በሸክላውና በጀሶው ውስጥ ነው የተቀበረው። እርጥበት ሲጠጣ ኤሌክትሪኩ ወደ ቆርቆሮው አካል ያመልጣል። የምድር ሽቦ ካለ ያመለጠው በእሱ በኩል ይወርዳል፤ ከሌለ የጋጋሪዋን እጅ ይጠብቃል። ከእሱ ጋር ወደ መሬት የሚያመልጠውን ሲያይ የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ይገባል። ጫማ ማድረጉ መልካም ነው፤ ግን ጫማ የኤሌክትሪክ ተከላ አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ኃይል ከመስጠት በፊት መለካት አለ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን እንደ ጸሎት አስደገምኋችሁ። መጀመሪያ የምድር ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መያያዙ። ቀጥሎ፣ ምጣዱ ተነቅሎ፣ ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸውና ከምድር ጋር እንዳይፈሱ በ500 ቮልት መለኪያ ይፈተናል፤ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ማንበብ አለበት። ከዚያ ፌዙ በማብሪያ ማጥፊያው በኩል ማለፉ። ኃይል የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ መከላከያው በመፈተኛ ቁልፉ ሲነካ መቁረጡም ያን ጊዜ ይታያል። ለምን በዚህ ቅደም ተከተል? የምድር ሽቦው ተቆርጦ ከሆነ ሁለተኛው ልኬት ይዋሻልና። ወደሌለ ሽቦ ምንም አይፈስም፤ መለኪያውም “ደህና ነው” ይላችኋል።

በብቃት ምዘናው ቀን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መዛኙ እኛ አይደለንም፤ ያስተማረ አይመዝንም። ከኢንዱስትሪው የመጣ፣ የማያውቃችሁ ሰው ነው። ውጤቱም በነጥብ አይነገርም፤ “ብቁ” ወይም “ገና ብቁ ያልሆነ” ነው። ያቺ እናት መስመራቸውን ዘርግተው ጨረሱና ለመለካት ሲዘጋጁ መዛኙ “ጊዜ እያለቀ ነው፣ ኃይል ስጪውና እንይ” አላቸው። መፈተኑ ይሁን መቸኮሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው ምን አሉ? “ልጄ፣ አንተ ከፈለግህ ውደቂ በለኝ፤ ሳልለካ አልሰጥም።” ለክተው ሰጡ። ብቁ ተባሉ። ገና ብቁ ያልሆነ የተባላችሁ ጥቂቶችም በጎደላችሁበት ክፍል ተለማምዳችሁ፣ ተመልሳችሁ ተመዝናችሁ አልፋችኋል፤ በዛሬው ወረቀት ላይ ልዩነት የለውም።

ቤተሰቦችን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እራት ያሞቃችሁ ባሎች፣ የሕፃን ጡጦ ይዛችሁ ግቢው በር ላይ የቆማችሁ፣ ልጅ የጠበቃችሁ ጎረቤቶች። ለመለኪያ መግዣ እቁባችሁን አስቀድማችሁ እጣ የሰጣችሁ የሠፈር ሰዎች። ፒንሳና ካቻቢቴ ርካሽ ነው፤ እውነተኛ መለኪያ ግን ርካሽ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው በአንድ መለኪያ ሲጠቀም ነበር፤ ሰኞ የአንዱ፣ ማክሰኞ የሌላው። ዝርዝሩ አሁንም ወርክሾፑ በር ላይ ተለጥፏል። ሰዓት በማስተላለፍ የተጣላችሁም አላችሁ፤ ዛሬ ይቅር ተባባሉ።

ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው።

ይህ ወረቀት ምን ይፈቅዳል? በደረጃ 2 የተዘረዘረውን ሥራ መሥራት እንደምትችሉ ይመሰክራል። ለሥራ ስትወዳደሩ ይታያል፤ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለመግባትም ይጠየቃል። ምን አይፈቅድም? በስማችሁ የተቋራጭነት ሥራ መያዝ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል፤ እሱን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሥራዎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው፣ የራሱም መስፈርት አለው። ሦስት ፌዝ የሚገባበት ፋብሪካ ተጠርታችሁ “ተመርቄያለሁ” ብላችሁ አትግቡ። ምሰሶ ላይ አትውጡ፤ ምሰሶው የአገልግሎቱ ነው። ደንበኛ “ቆጣሪውን እለፍልኝ” ቢል፣ የቱንም ያህል ቢከፍል፣ እቃችሁን ሰብስባችሁ ውጡ። የሥራ መዝገባችሁን አትጣሉ፤ ለቀጣዩ ደረጃ የሠራችሁትን ማሳየት ሲያስፈልግ እሱ ነው የሚናገርላችሁ። ፀሐይ የተሳለበትንም ጭምር።

አሁን ለሥነ ሥርዓቱ የቀረ አንድ ጉዳይ አለ፤ ሬጅስትራር አደራ ብሎኛል። ስማችሁ ሲጠራ ከግራ ወጥታችሁ በቀኝ ትመለሳላችሁ። ወረቀቱን ስትቀበሉ መጀመሪያ ፎቶ አትነሱ። መጀመሪያ አንብቡት። የእናንተ ስም፣ የአባታችሁ ስም፣ የአያታችሁ ስም ከመታወቂያችሁ ጋር በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ወደ ውጭ አገር ለሥራ ለመሄድ ያሰባችሁ በተለይ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተያዩት፤ አንድ ፊደል ብትለይ በኋላ ለማስተካከል ብዙ ትንከራተታላችሁ። ስህተት ያገኘ ሰው ዛሬውኑ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ፣ በስተቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ ያስመዝግብ። እስከ ቀኑ 8:00 ሰዓት ሰው ይኖራል።

እንኳን ደስ አላችሁ። አመሰግናለሁ። ስም መጥራት ይጀመር።